ሀዋሳ ላይ ለሚካሄድ የንግድ ጉባኤ ተናጋሪ ስትጋብዙ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ሀዋሳ ላይ የአንድ ቀን የንግድ ጉባኤ ለሚያሰናዱ ማኅበራት፣ ድርጅቶችና የኮሚቴ አባላት ነው። የአዳራሽ ኪራይና የስፖንሰር ፍለጋ ጉዳይ እዚህ አይነሳም። አዘጋጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ ተጋባዥ ተናጋሪዎች ነው፤ በተለይም «ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?» የሚለውን መልስ በጊዜ ስለማግኘት።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ጉባኤው የቡናና የአቮካዶ አቀነባባሪዎች የባንክ ብድር ስለሚያገኙበት መንገድ ነው። ሁለት መቶ ያህል ሰው ይጠበቃል። የሚጋበዙት አምስት ናቸው፦ መድረኩን የሚከፍቱ የክልል ቢሮ ኃላፊ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ የአንድ ባንክ የብድር ክፍል ኃላፊ፣ ይርጋለም ላይ የሚሠሩ አቀነባባሪ፣ አንዲት የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ መምህርትና አሜሪካ የሚኖሩ አንድ ቡና አስመጪ። ቀኑ ሐሙስ ኅዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው።

ለምን ሐሙስ? ቀን ስንመርጥ ምን እንይ?

ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆኑ የምሳው ዝግጅት ለሁለት ይከፈላል። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ሰላት የሚወጡ ተሳታፊዎችና ተናጋሪዎች ስላሉ የቀትሩ ፕሮግራም ይሳሳል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ ከዚያ በፊት ያለው ሐሙስ ይመቻል። ይሁን እንጂ እንግዶቹ የሚገቡት ረቡዕ ማታ ስለሆነ የአቀባበል እራቱ የጾም መሆኑን አትርሱ። ዓሣ አለ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሀዋሳ ዓሣ ሞልቶ ቢተርፍም በጾም ዓሣ የማይበላው ሰው ብዙ ነው። ሽሮና በያይነቱ አስቀድማችሁ እዘዙ።

ከተማው ራሱ ያሉት ቀኖችም አሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ሲሆን ሀዋሳ በምእመናን ትጥለቀለቃለች፤ ያን ሰሞን ለአምስት እንግዳ አልጋ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ ጫምባላላም እንዲሁ፤ እሱ ደግሞ ቀኑ የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብትን ተመልክተው ሲያሳውቁ ስለሆነ ከወራት በፊት በእርግጠኝነት ልትርቁት አትችሉም። በዚያ አካባቢ የሚውል ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የከተማውን ሰው ጠይቁ።

የማረጋገጫው የመጨረሻ ቀን መቼ ይሁን?

ብዙ ኮሚቴ ይህን ቀን የሚወስነው በስሜት ነው፤ «ሁለት ሳምንት ይበቃቸዋል» ይባልና ይጻፋል። ቀኑ መገኘት ያለበት ከኋላ ወደ ፊት በመቁጠር ነው፤ መነሻውም ከተናጋሪው መልስ በኋላ መሠራት ያለባቸው ነገሮች ናቸው።

በምሳሌያችን ጉባኤው ኅዳር 10 ነው። የታተመው ፕሮግራምና ባነር ዓርብ ኅዳር 4 እጃችን እንዲገባ እንፈልጋለን፤ ስሕተት ቢገኝበት ለማስተካከል ጥቂት ቀን ይተርፋል። ለዚህ ማተሚያ ቤቱ የመጨረሻውን ጽሑፍ ሰኞ ጥቅምት 30 መረከብ አለበት። አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ አንዱ ተናጋሪ አልመጣም ቢል ሌላ ሰው ፈልጎ፣ ደብዳቤ ጽፎ፣ እሺ ለማሰኘት ስንት ቀን ያስፈልጋል? ከአሥር ቀን ባነሰ ሲሳካ አላየሁም። ስለዚህ የማረጋገጫው የመጨረሻ ቀን ዓርብ ጥቅምት 20 ይሆናል።

ደብዳቤው የሚወጣው ደግሞ ሰኞ መስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት ነው። ከዚያ ቀደም ብትልኩት ከአዲስ ዓመት እስከ መስቀል ባለው ግርግር መሀል ይወድቅና ማንም ሳያየው ይከርማል። እንዲህ ሲሆን ተጋባዡ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ያገኛል። ከዚያ በላይ ማስረዘም መልስ አያፋጥንም። ገና ሦስት ወር ሲቀረው የተጋበዘ ሰው «ጊዜ አለኝ» ብሎ ያስቀምጠዋል።

በማብቂያው ላይ ሰዓትም ጻፉ። «እስከ ጥቅምት 20» ብቻ ሲባል አንዱ ጠዋት፣ ሌላው እኩለ ሌሊት፣ ሦስተኛው ሰኞ ማለት ይመስለዋል። «እስከ ዓርብ ጥቅምት 20 ከቀኑ 11፡00 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ደብዳቤው ውስጥ ምን ይግባ?

ተናጋሪው ስልክ ሳያነሳ እሺ ወይም አይሆንም ለማለት የሚያስፈልገው ሁሉ ይግባ። ከሁለት ገጽ የሚበልጥ የጋባዡ ድርጅት ታሪክ ግን አይግባ። ለባንኩ ኃላፊ የሚላከው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

> ቁጥር፦ ……
> ቀን፦ መስከረም 18 ቀን 2019 ዓ.ም.
>
> ጉዳዩ፦ በንግድ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዲያደርጉ ስለመጋበዝ
>
> ሐሙስ ኅዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ሀዋሳ ላይ በምናካሂደው ጉባኤ ቡናና አቮካዶ ለሚያቀነባብሩ አነስተኛ ድርጅቶች ባንኮች ብድር ሲሰጡ ስለሚመለከቷቸው መስፈርቶች ለ20 ደቂቃ እንዲናገሩልን፣ ለ15 ደቂቃም ከተሳታፊዎች ለሚነሱ ጥያቄዎች መልስ እንዲሰጡልን በአክብሮት እንጋብዝዎታለን። አድማጮቹ በአብዛኛው የብድር ጥያቄያቸው ተቀባይነት ያላገኘ የድርጅት ባለቤቶች ናቸው። ንግግሩ በአማርኛ ቢሆን እንመርጣለን።
>
> የጉዞ ወጪዎንና ከረቡዕ ኅዳር 9 እስከ ዓርብ ኅዳር 11 ያለውን የሁለት ሌሊት ማረፊያ እኛ እንሸፍናለን። የተናጋሪ ክፍያው …… ብር ሲሆን ግብር ከመቀነሱ በፊት ያለው ነው።
>
> ግብዣው የቀረበው በሙያዎ ለእርስዎ ስለሆነ መገኘት የማይችሉ ከሆነ ተወካይ ከመመደብዎ በፊት እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን። መልስዎን እስከ ዓርብ ጥቅምት 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ከቀኑ 11፡00 ሰዓት ድረስ እንጠብቃለን። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ በመሆኑ ሰዓቱን ለሌላ ተናጋሪ ለመስጠት እንገደዳለን።

ከዚህ ውስጥ ከሁሉ የምወደው «የብድር ጥያቄያቸው ተቀባይነት ያላገኘ» የምትለዋን ሐረግ ነው። የባንኩ ሰው አዳራሹ ውስጥ የሚጠብቀውን ፊት አስቀድሞ ያውቃል፤ የባንኩን የምሥረታ ዘመን በሚዘረዝር ንግግር አይመጣም። ርዕስ ብቻ ሰጥታችሁ አድማጩን ካልነገራችሁት ግን ያለፈው ዓመት ንግግሩን ይዞ ቢመጣ አትፍረዱበት።

በቴሌግራም ከላክነው አይበቃም?

ለነጋዴና ለግል ባለሙያ ይበቃል፤ እንዲያውም ይፈጥናል። የይርጋለሙ አቀነባባሪ ኢሜይላቸውን በወር አንዴ ቢያዩት ነው፤ መጀመሪያ ደውላችሁ ደብዳቤውን በቴሌግራም ላኩላቸው።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤትና ለዩኒቨርሲቲ ግን ወረቀቱ በአካል ይሄዳል። ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ክብ ማህተም ያለበት ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ትሄዳላችሁ፤ አንዱን ይቀበሉና በሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ይፈርሙላችኋል። ያን ኮፒ አትጣሉት። ደብዳቤው ጠፋ ሲባል የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ልብ በሉ፦ «ተመርቷል»። ኃላፊው ደብዳቤውን አይተው ጥጉ ላይ ለአንድ ዳይሬክቶሬት ጽፈው ያሳልፉታል፤ ወረቀቱም ከሳቸው ጠረጴዛ ተነስቶ ሌላ ክፍል ይገባል። እናንተ ኃላፊውን ትጠብቃላችሁ፤ እዚያ ደግሞ አንድ ባለሙያ «አንተ ተሳተፍ» ተብሏል። ስለዚህ ደብዳቤው በገባ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ለጸሐፊዋ ደውሉና «ደብዳቤያችን ለማን ተመራ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ደረሰ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ መልሱ «ደርሷል» ነውና አይጠቅምም።

ታዲያ ተወካይ ቢመጣ ምን አለበት?

እንደ ቦታው ነው። ሁለት ዓይነት ግብዣ አለ። አንዱ ለወንበሩ የሚቀርብ ነው። የመክፈቻ ንግግር የሚያደርጉት የቢሮ ኃላፊ የተጋበዙት በሥልጣናቸው ስለሆነ ምክትላቸው ቢመጡ መድረኩ ይከፈታል፤ ክብሩም አይጎድልም። ሌላው ለሰውየው የሚቀርብ ነው። የባንኩ የብድር ኃላፊ የተጋበዙት ብድር የሚከለከልበትን ምክንያት ከውስጥ ስለሚያውቁ ነው። በሳቸው ፋንታ የገበያ ክፍል ባልደረባ ከመጡ ስለ አዲሱ የቁጠባ ሒሳብ ሰምታችሁ ትለያያላችሁ።

ስለዚህ ለመክፈቻው በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ «መገኘት የማይችሉ ከሆነ የተወካይዎን ስምና ኃላፊነት እስከ ጥቅምት 20 ቢያሳውቁን» በሉ። ለባለሙያው ግን ከላይ በናሙናው እንዳለው ተወካይ ከመመደቡ በፊት ይንገሯችሁ። ይህን መጻፍ ድፍረት የሚመስላቸው አሉ፤ በአክብሮት ከተጻፈ ማንም አይቀየምም።

ተጋባዡ በስልክ «እሺ፣ እመጣለሁ» ብለዋል። አረጋግጠዋል ብለን እንያዘው?

አትያዙት። እኛ ዘንድ ሰውን ፊት ለፊት «አልመጣም» ማለት ይከብዳል። «እሺ»፣ «እሞክራለሁ»፣ «እግዜር ያውቃል»፣ «ፕሮግራሜን ልይና» የሚሉት መልሶች ከፊሉ እውነተኛ እሺታ ናቸው፤ ከፊሉ ደግሞ በጨዋ አንደበት የተነገረ እምቢታ። በስልክ ድምፅ ለመለየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

መለያው ሌላ ነው። «እሺ» ሲሏችሁ አመስግኑና እዚያው ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፦ በፕሮግራሙ ላይ እንዲታተም የሚፈልጉት ስምና ማዕረግ፣ የንግግራቸው ርዕስ፣ በመኪና ነው በአውሮፕላን የሚመጡት፤ በአውሮፕላን ከሆነም ስማቸው በመታወቂያቸው ላይ እንደተጻፈው። ለመምጣት የወሰነ ሰው ይህን ለመላክ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ያልወሰነ ሰው ግን ርዕሱ ላይ ይቆማል። «ርዕሱን እልካለሁ» ተብሎ ሳምንት ካለፈ ተጠባባቂያችሁን ማነጋገር ጀምሩ።

በመዝገባችሁም ላይ «ተነግሯል»፣ «እሺ ብሏል»፣ «አረጋግጧል» የሚሉ ሦስት ዓምዶች ይኑሩ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ የሚቆጠረው ሦስተኛው ዓምድ ብቻ ነው። በምሳሌያችን ጥቅምት 10 ላይ አምስቱም «እሺ» ብለው ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱን ነገሮች የላኩት ግን መምህርቷና አስመጪው ብቻ ናቸው። ያ ማለት በእጃችሁ ያለው ሁለት ተናጋሪ ነው። ማስታወሻ የሚላከውም በዚህ ጊዜ ነው፦ «የማረጋገጫው ቀን ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ የሚጎድለን የንግግርዎ ርዕስ ብቻ ነው» ብላችሁ የጎደለውን ለይታችሁ ጻፉ። «ስለ ጉባኤው ለማስታወስ ያህል» የሚል መልእክት መልስ አያመጣም።

የመጨረሻው ቀን አለፈ፤ መልስ የለም። ምን እናድርግ?

ዓርብ 11 ሰዓት ሲሞላ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጊዜ ደውሉ። ካልተነሳ ይህን ጻፉ፦

> ጤና ይስጥልኝ። መልስዎን እስከ ትናንት ስንጠባበቅ ቆይተን ፕሮግራሙን ለኅትመት መዝጋት ስላለብን የእርስዎን ሰዓት ለሌላ ተናጋሪ ሰጥተናል። በጉባኤው ላይ በክብር እንግድነት ቢገኙልን ደስ ይለናል፤ ወንበርዎን እንይዛለን።

ከዚያም ያላችሁትን አድርጉ። ቀኑን አንድ ጊዜ ካራዘማችሁ ወሬው ለሌሎቹም ይደርሳል፤ የባንኩ ኃላፊና የይርጋለሙ ሰው ይተዋወቃሉ። ሰኞ ደውለው «ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እመጣለሁ» የሚሉም አይጠፉም። ያኔ ተጠባባቂውን እሺ አሰኝታችሁ ከሆነ አትመልሱት። ዘግይተው የመጡትን በውይይቱ ላይ እንደ አንድ ተወያይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ስማቸው ማተሚያ ቤት ባይገባም አወያዩ ይጠራቸዋል።

ከዚህ ደንብ የማወጣው አንድ ሰው ነው፦ መድረክ የሚከፍቱትን ባለሥልጣን። የሳቸው ፕሮግራም በዋዜማው ሊለወጥ ይችላል፤ በራሳቸው እጅም አይደለም። ስለዚህ በታተመው ፕሮግራም ላይ «የመክፈቻ ንግግር» ብላችሁ የቢሮውን ስም ጻፉ፤ የሰው ስም አትጻፉ።

ለተጠባባቂ ተናጋሪ ምን ይባላል? አይከፋቸውም?

ሲደበቅ ነው የሚከፋቸው። የሀዋሳ ነዋሪ የሆነ፣ ለጉዞ ቲኬት የማያስፈልገው፣ ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ምረጡና «ያ ቦታ ለሌላ ሰው ቀርቦ መልሱን እየጠበቅን ነው፤ ቅዳሜ ጥቅምት 21 ቁርጡን እንነግርዎታለን» በሉት። ቦታው ባይከፈትም በውይይቱ ላይ ያዙለት። በጉባኤው ዋዜማ ተጠርቶ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ግን ምንጊዜም ያስታውሰዋል።

እንግዶቹን ከአዲስ አበባ በመኪና እናምጣ ወይስ በአውሮፕላን?

መንገዱ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ሞጆ፣ ከዚያም እስከ ባቱ የፍጥነት መንገድ ስላለ ግማሹ ይቀላል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ከተሞች በተለይም ሻሸመኔ ጊዜ ይበላሉ። ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ያዙለት፤ ከአዲስ አበባ መውጫ ላይ የሚጠፋውን ጊዜም ጨምሩበት። በረራው ከአንድ ሰዓት በታች ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ግን ከከተማው ውጭ ስለሆነ መኪናና ስልኩ የሚሠራ ሹፌር መድቡ፤ ተናጋሪው ሻንጣውን ይዞ ተሽከርካሪ ሲፈልግ እንዳይታይ።

በየትኛውም ቢመጡ ደንቡ አንድ ነው፦ ጠዋት የሚናገር እንግዳ በዋዜማው ይገባል። የዕለቱ የጠዋት በረራ ቢዘገይ ወይም ቢሰረዝ እናንተም ተናጋሪውም የምታደርጉት ነገር የለም። «ሐሙስ በጠዋቱ በረራ መጥቼ ማታ እመለሳለሁ» የሚል ሰው ካለ ንግግሩን ከሰዓት በኋላ አድርጉለት።

ማረፊያው ጉባኤው በሚካሄድበት ሆቴል ቢሆን ይመረጣል። ውድ ቢሆንም ጠዋት ሰው የማምጣት ጣጣ ይቀራል። የሐይቅ ዳር ሆቴሎች ቅዳሜና እሑድ በሠርግና በመዝናናት ይያዛሉ፤ ሐሙስ የመረጥንበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ክፍሎቹን ስትይዙ በተናጋሪው ስም ይሁን፤ «የጉባኤው እንግዶች» ተብሎ የተያዘ ክፍል ማታ በእንግዳ መቀበያው ላይ ክርክር ያስነሳል። ሁለተኛው ሌሊት የሚያስፈልገውም እንግዳው ሰዓቱን እያየ በጥያቄው መሀል እንዳይነሳ ነው።

ከውጭ ለሚመጣው ተናጋሪ የተለየ ነገር አለ?

ሁለት ነገር ነው የሚያምታታው፦ ቀንና ሰዓት። በደብዳቤው ላይ ኅዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ከሚለው ጎን ኖቬምበር 19 ቀን 2026 ብላችሁ ጻፉ። ሰዓቱንም «ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 9፡00» በሉ። የአውሮፕላን ቲኬት በአውሮፓውያን ሰዓት ስለሚጻፍ ሹፌሩ «7፡00 ይደርሳል» ተብሎ ሲነገረው ከቀኑ ሰባት ሰዓት መስሎት ምሳውን በልቶ ሊወጣ ይችላል፤ እንግዳው ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆሟል። ለሹፌር የሚሰጥ ወረቀት በእኛ ሰዓት ብቻ ይጻፍ።

ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሆነው ቢጫ ካርድ ያላቸው ቪዛ አያስፈልጋቸውም። ሌላው የውጭ ፓስፖርት የያዘ እንግዳ ለጉባኤ የሚሰጠውን ቪዛ evisa.gov.et ላይ ያመለክታል፤ የግብዣ ደብዳቤያችሁን ይጠየቃልና እንግሊዝኛውን ቅጂ ከአማርኛው ጋር አብራችሁ አዘጋጁ። እንዲህ ላለው እንግዳ የማረጋገጫውን ቀን ከሌሎቹ በሁለት ሳምንት ማስቀደም ጥሩ ነው፤ በእኛ ምሳሌ ጥቅምት 6። የሀዋሳውን በረራም ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ቲኬት እንዲገዛ ንገሩት፤ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛውን የሚያስተካክልለት አየር መንገዱ ይሆናል።

ክፍያውን አስቀድመን እንጻፍ ወይስ ሲመጡ እንነጋገር?

ጻፉት። ክፍያ ከሌለም «የጉዞና የማረፊያ ወጪ ብቻ እንሸፍናለን» ብላችሁ ጻፉት። ሰው የሚከፋው በማነሱ ሳይሆን መድረክ ላይ ወጥቶ ከወረደ በኋላ ፖስታ ሲሰጠው፣ ውስጡም ካሰበው በታች ሲሆን ነው። የጻፋችሁት ቁጥር ግብር ከመቀነሱ በፊት ይሁን በኋላ ግለጹ፤ በሒሳብ ክፍሉና በተናጋሪው መሀል ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከማረጋገጫው በኋላ ይጠየቃል፤ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጋር አይጠየቅም።

ከመሥሪያ ቤታቸው የውሎ አበል የሚከፈላቸው የመንግሥት ሠራተኞችም አሉ። ማረፊያውን እናንተ ከከፈላችሁ ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ይፈልጋሉ፤ ያለዚያ ሁለቴ የተከፈላቸው ይመስላል።

ንግግሩ ላይ ምን እንጠብቅ? ስላይዱን አስቀድመን ማየት ነውር ነው?

ነውር አይደለም፤ ለእርማት ሳይሆን ለማሳየት እንደምትፈልጉት ንገሯቸው። ዓርብ ኅዳር 4 እንዲላክ ጠይቁ። ዋናው ምክንያት ፊደሉ ነው። በቆየ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ስላይድ ፎንቱ በሌለበት የሆቴል ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጽሑፉ ትርጉም ወደሌላቸው ምልክቶች ይለወጣል። ተናጋሪው ማይክ ይዞ ቆሟል፤ ሁለት መቶ ሰው ግድግዳው ላይ እንግዳ ቋንቋ ያያል። ስለዚህ ስላይዱ በፒዲኤፍም ይላክ፤ እሱ ፊደሉን ይዞ ይጓዛል። አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ቅጂ በአወያዩ ላፕቶፕ ላይ ይኑር። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ፕሮጀክተሩንም ማይኩንም ያነሳ እንደሆነ በዋዜማው ከሆቴሉ ቴክኒሻን ጋር አጥፍታችሁ ሞክሩት።

ስለ ሰዓት ደግሞ አንድ ሰው ፊት ለፊት ወንበር ላይ «5» እና «1» የተጻፈባቸው ካርዶች ይዞ ይቀመጥ። ወደ መድረክ የሚላክ ብጣሽ ወረቀት ተናጋሪውን ያሳፍራል፤ ካርዱ ግን ለሁሉም ስለሚነሳ ማንም በራሱ አይወስደውም። የመክፈቻ ንግግር ያደረጉት ባለሥልጣን ከተመደበላቸው በላይ ቢቆዩ ካርድ አታንሱባቸው። ይልቅ ፕሮግራሙን ስታወጡ ከሳቸው ቀጥሎ የሻይ ዕረፍት አድርጉ፤ የሚጎድለው ከቡናው ላይ ይሆናል።

ተናጋሪው በዋዜማው ቢቀሩስ?

ሰኞ ኅዳር 7 ለእያንዳንዳቸው ደውሉ፤ «ይመጣሉ?» ብላችሁ ሳይሆን «ሹፌራችን ስንት ሰዓት ላይ ይጠብቅዎት?» ብላችሁ። ያኔ የሚቀር ካለ ይነግራችኋል። ረቡዕ ማታ ቢቀሩ ግን አዲስ ተናጋሪ አትፈልጉ። ያን 35 ደቂቃ ለውይይቱ ስጡትና አወያዩ ተሰብሳቢውን ስለ ብድር ጥያቄያቸው እንዲያናግር አድርጉ። የቀሩት ሰው ስላይዳቸውን ልከው ከነበረ ያለ ፈቃዳቸው ሌላ ሰው አያቅርበው።

ካለቀ በኋላ ለተናጋሪው የምንሰጠው ወረቀት አለ?

አለ። የመንግሥትና የዩኒቨርሲቲ ተናጋሪዎች ለመሥሪያ ቤታቸው የሚያቀርቡት የመገኘት ማረጋገጫ ደብዳቤ ይፈልጋሉ፦ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደነበሩ፣ ማረፊያቸውን ማን እንደከፈለ። ይህ ደብዳቤ ረቡዕ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም አርፎበት ወደ አዳራሹ ይምጣ። ሐሙስ ማታ እንግዳው ሊሄዱ ሲሉ ማህተም ያዡ ቢሮ ቆልፋ ሄዳለች።